በርበሬው ለሰርጉ ሊዘገይ ነው፦ ቅናሽ፣ ተመላሽ ወይስ ከፋፍሎ መላክ?

ዕቃ ሲዘገይ ሻጭ ለደንበኛው ሊያቀርብ የሚችለው ነገር ብዙ አይደለም። ብሩን ይመልሳል። ከዋጋው ይቀንሳል። የደረሰውን አስቀድሞ ይልክና ቀሪውን ያስከትላል። ከሌላ ሻጭ ገዝቶ ይተካል። ወይም በፈጣን መጓጓዣ ይልካል። ምርቃት ብሎ ግማሽ ኪሎ መጨመርም አለ። እሱን ግን ከማካካሻ አልቆጥረውም፤ ከሌላው በላይ ሲጨመር ደስ ይላል እንጂ ብቻውን ሲመጣ ማባበያ ይመስላል።

አብዛኛው ሻጭ ከእነዚህ ውስጥ ለራሱ የሚቀለውን ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ቅናሽ ነው የሚሆነው። አፍ ላይ ይቀላል፣ ከኪስም ወዲያው አይወጣም። ደንበኛው ግን የሚያስበው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማካካሻ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፤ ዕቃው ለዚህ ሰው የሚጠቅመው እስከ የትኛው ቀን ነው? ይህ ቀን እናንተ ከቆረጣችሁት ቀን ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ደንበኛው ከነገራችሁ ዝግጅት ጋርም አንድ አይደለም።

አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው እንከተል።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ የምትሸጥ ነጋዴ አለች እንበል። የጃቢ ጠህናን በርበሬ በእጇ ነው። ታስቀነጥሳለች፣ ታስደልዛለች፣ ታሰጣለች፣ ቅመሙን አምሳ ታስፈጫለች። አዲስ አበባ ያለች የሙሽራ እናት 20 ኪሎ በርበሬና 10 ኪሎ ሽሮ አዘዘቻት። ሰርጉ እሁድ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በርበሬው በኪሎ 800፣ ሽሮው በኪሎ 250 ብር ተስማሙ። ድምሩ 18,500 ብር መጣ። ግማሹን፣ 9,250 ብር፣ ደንበኛዋ በቴሌብር አስቀድማ ላከች። ዕቃው ዓርብ ጥር 15 እንዲደርስ ተነጋገሩ። ዋጋዎቹን ለስሌት እንዲመች ነው ያስቀመጥኳቸው፤ በራሳችሁ ገበያ ቀይሯቸው።

ቅዳሜ ጥር 9 የበርበሬ ወፍጮው ሞተር ተቃጠለ። እሁድ ከተራ ነው። ሰኞ ጥምቀት፣ ማክሰኞ ቃና ዘገሊላ። ባለሙያ የሚገኘው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ጠዋት መጥቶ አየውና «ሞተሩ መጠምጠም አለበት፣ ሌላ ሳምንት ነው» አለ። የእህል ወፍጮ አጠገቡ አለ። ግን በርበሬ ተፈጭቶበት ነገ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። ቡሬ ላይ ሌላ የበርበሬ ወፍጮ አለ። ሰልፉ ግን ረጅም ነው፤ ወሩ የሰርግ ወር ነው።

መዘግየቱ የተረጋገጠው ረቡዕ ጥር 13 ጠዋት ነው። ስልኩም መደወል ያለበት ያን ዕለት ነው። «እስቲ ቡሬ ሞክሬ ልደውል» ማለት ያጓጓል። ግን ዓርብ ከደወለች ደንበኛዋ ሁለት ቀን ታጣለች። እነዚያ ሁለት ቀናት በኋላ ብር ሆነው ይመጣሉ፤ እንዴት እንደሚመጡ ወደታች አሳያችኋለሁ።

የደንበኛዋ ትክክለኛ ቀን የቱ ነው?

ሰርጉ ጥር 24 ነው ስትሉ አሥራ አንድ ቀን ያላችሁ ይመስላችኋል። የላችሁም። የሰርግ ቁሌት እሁድ ጠዋት አይጣድም። ሽንኩርቱ ዓርብ ጥር 22 ይከተፋል፣ በርበሬው ያን ዕለት ድስት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በርበሬው ቢዘገይ ቢዘገይ ሐሙስ ጥር 21 ቤቷ መሆን አለበት። የፍኖተ ሰላሙ በርበሬ እንደማይመጣ ካወቀች ደግሞ መርካቶ ወርዳ፣ አማርጣ፣ ቀምሳ መግዛት አለባት። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ትፈልጋለች። ስለዚህ «ይመጣል» ወይም «አይመጣም» የሚለውን ሰኞ ጥር 18 ማወቅ አለባት።

ጥር 25 ጾመ ነነዌ ይገባል። ሰርጉን ሁለት ሦስት ቀን መግፋት የሚባል ነገር የለም። ድግሱ ቀኑን አይለቅም፣ በርበሬው ነው ለድግሱ መድረስ ያለበት።

ይህንን ቀን ለማግኘት ደንበኛዋን መጠየቅ ብቻ ነው። «እትዬ፣ ቁሌቱ መቼ ነው የሚጣደው?» ማለት ይበቃል። «መቼ ይፈልጉታል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ «ቶሎ» ነው የምትላችሁ።

አማራጮቹን በዚህ ጉዳይ ላይ ስንፈትሻቸው

በቅናሽ እንጀምር። ከ18,500 ብር ላይ አሥር በመቶ ቢቀነስ 1,850 ብር ነው። ለነጋዴዋ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ለሙሽራዋ እናት ግን ምን ያደርግላታል? በርበሬው ዓርብ ማታ ቢደርስ ቁሌቱ ያለ በርበሬ አይጣድም፤ 1,850 ብሩን ድስት ውስጥ አትጨምረውም። ቅናሽ የሚሠራው መዘግየቱ ደንበኛውን ሲያናድደው እንጂ ሥራውን ሲያበላሽበት አይደለም። ለምሳሌ ለቤቱ ፍጆታ የዳንግላ ማር አዝዞ አንድ ሳምንት የቆየበት ሰው። እሱ ማሩን በሚቀጥለው ሳምንትም ይበላዋል። ለሱ ቅናሽ ወይም ጥሩ ምርቃት በቂ ነው፤ ተመላሽ እንኳ ብትሉት «ኧረ ማሬን ላኩልኝ» ነው የሚላችሁ። ለሰርግ በርበሬ ቅናሽ ማቅረብ ግን ችግሩን እንዳልሰማችሁ ያስቆጥራል።

ፈጣን መጓጓዣስ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። «በአውሮፕላን እልክልዎታለሁ» ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ከፍኖተ ሰላም በአውሮፕላን ለመላክ ግን ዕቃው መጀመሪያ ወደ ባሕር ዳር መሄድ አለበት። ያ ማለት ከአዲስ አበባ በተቃራኒ አቅጣጫ መጓዝ ነው። ከዚያ ማስመዝገብ፣ ማስፈተሽ፣ አዲስ አበባ ላይ ሄዶ መረከብ አለ። ጠዋት የተሳፈረ አውቶቡስ መንገዱ ሰላም ከሆነ ያንኑ ቀን አዲስ አበባ ይገባል። የጠፋው ጊዜ ወፍጮ ቤት ነው የጠፋው፤ መንገድ ላይ አይደለም። ፈጣን መጓጓዣ የሚያድነው መንገድ ላይ የሚባክን ጊዜን ነው። ለባሕር ዳር ሻጭ፣ ዕቃው አልቆ በእጁ ላለ፣ ነገሩ ሌላ ነው። ለሱ አውሮፕላኑ እውነተኛ አማራጭ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ አይሱዙ አንድ ነገር ልበል። የጭነት መኪና ከአውቶቡስ ይረክሳል። ግን ጭነት እስኪሞላ ይቆማል። ደጀን ደርሶ የዓባይን በረሃ ሲወርድም በእግር እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ፊቱ ያለው መኪና ከተበላሸ ደግሞ እዚያው ነው። ለማይቸኩል ጭነት ችግር የለውም። አንድ ጊዜ ቀን ለታጠፈበት ዕቃ ግን አልመክርም፤ ቀኑ በእናንተ እጅ አይደለም፣ በጫኙ እጅ ነው።

ሙሉ ተመላሽ ንጹሕ ነው። 9,250 ብሩን መልሶ «ይቅርታ፣ ሌላ ይፈልጉ» ማለት። በርበሬ ለነጋዴዋ አይበላሽባትም፤ ደርቆ ከተቀመጠ ለሌላ ደንበኛ ይሸጣል። ስለዚህ ለሷ ቀላሉ መውጫ ይህ ሊሆን ይችላል። የደንበኛው ስም የተጠለፈበት ጋቢ ወይም በልኩ የተሰፋ ቀሚስ ቢሆን ግን ለማንም አይሸጥም፤ ተመላሹ ሙሉ ኪሳራ ነው። ለሙሽራዋ እናት ግን ብሩ ተመልሶ በርበሬው ከቀረ መከራው ገና መጀመሩ ነው። 20 ኪሎ በርበሬ በሰርግ ወር ከማይታወቅ ሰው መግዛት አለባት። ተመላሽ ትክክል የሚሆነው አዲሱ ቀን ከደንበኛው የመጨረሻ ቀን የሚያልፍ ሲሆን ነው፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ በቀኑ የማትተማመኑ ከሆነ። ከሆነ ደግሞ ያኑ ዕለት ይመለስ። ደንበኛው ሦስት ጊዜ ደውሎ የሚያስመልሰው ብር ማካካሻ አይደለም።

ተክቶ መላክ፣ ማለትም ነጋዴዋ ከጎረቤት ሻጭ የተፈጨ በርበሬ ገዝታ መላክ፣ ይቻላል። አደጋው ጣዕሙ ነው። ደንበኛዋ ያዘዘችው የዚህችን ሴት እጅ ነው። የሌላ ሰው ድልዝ ሲሆን ኮረሪማው ይበዛል፣ ጨው ይለያል፣ ቀለሙ ይጠቁራል። ሳትነግሯት ከተካችሁ ቁሌቱ ላይ ታውቀዋለች። ተክቶ መላክ የሚፈቀደው «ከእገሊት ገዝቼ ልላክልዎት?» ተብሎ፣ ደንበኛዋ እሺ ካለች ብቻ ነው።

ከፋፍሎ መላክ ይቀራል። እኔ ለዚህ ጉዳይ የምመርጠው ይህንን ነው።

ለምን ከፋፍሎ መላክ?

መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ሽሮው አልቋል፤ 10 ኪሎው ታሽጎ ተቀምጧል። ባለፈው ወር ከተፈጨው በርበሬ 8 ኪሎ መደርደሪያ ላይ አለ። ይህ ሐሙስ ጥር 14 ጠዋት አውቶቡስ ላይ ይጫናል። ዓርብ ጥር 15 ደንበኛዋ እጅ ይገባል። ማለትም መጀመሪያ በተባለው ቀን ከትእዛዙ ብዙው ይደርሳል ማለት ነው። ቀሪው 12 ኪሎ በርበሬ ብቻ ነው።

ጥቅሙ ሁለት ነው። ደንበኛዋ ባዶ እጇን አትቀርም። ሁለተኛው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቢበላሽ እንኳ መርካቶ ሄዳ የምትፈልገው 12 ኪሎ ነው፣ 20 ኪሎ አይደለም።

ጉዳትም አለው። የጭነት ሂሳብ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። ሁለተኛውን ሻጩ ይችላል፤ ይህ አያከራክርም። እኔ ብሆን የመጀመሪያውንም እችላለሁ። ከዚያ ደግሞ የሁለቱ በርበሬ ቀለም አንድ ላይሆን ይችላል። ያለፈው ወር ፍጭት ቀላ ያለ፣ የአሁኑ ጠቆር ያለ ሊሆን ይችላል። ይህንን አስቀድሞ መናገር ነው። «ስምንቱ ኪሎ የባለፈው ወር ነው፤ ከአዲሱ ጋር ቀላቅለው ይጠቀሙበት» ማለት ይበቃል። ባለሙያዋ ሴትዮ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች።

አሁን ወደ ብሩ እንመለስ። ደንበኛዋ 9,250 ብር ከፍላለች። ዓርብ የሚደርሳት 8 ኪሎ በርበሬ 6,400 ብር፣ ሽሮው 2,500 ብር ነው። ድምሩ 8,900 ብር። ቀሪው 12 ኪሎ ባይመጣ ነጋዴዋ የምትመልሰው 350 ብር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። «ካልደረሰ ብርዎን እመልሳለሁ» የሚለው ቃል ኪዳን ትልቅ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን 350 ብር ነው። ደንበኛዋ ብልህ ከሆነች ይህንን ወዲያው ታሰላዋለች።

እውነተኛው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው ያለው። በመጨረሻ ሰዓት መርካቶ ብትወርድ አንዱን ኪሎ በ950 ብር ልትገዛ ትችላለች። ልዩነቱ በኪሎ 150 ብር፣ በ12 ኪሎ 1,800 ብር ነው። ማካካሻው እንግዲህ ይህ ነው፤ «በቀኑ ካልጫንኩ 12ቱን ኪሎ ከሚፈልጉት ቦታ ይግዙ፣ የዋጋውን ልዩነት እኔ እከፍላለሁ»።

አሁን ከቅናሹ ጋር አስተያዩት። ቅናሹ 1,850 ብር ነበር፣ ይሄኛው 1,800። ብሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ቅናሹ ግን በርግጠኝነት ይከፈላል፣ ለደንበኛዋም የሚፈታላት ነገር የለም። የልዩነቱ ክፍያ የሚወጣው ነጋዴዋ ከቀረች ብቻ ነው። ሲወጣ ደግሞ በርበሬ ይገዛል። ወሰንም አብጁለት፤ «እስከ 2,000 ብር ድረስ» ማለት ነውር የለውም። ገደብ የሌለው ቃል ኋላ ያጣላል።

ለጅምላ ደንበኛም ያው ነው። ደብረ ማርቆስ ሱቅ ያለው ሰው 100 ኪሎ አዝዞ ቢዘገይበት ጉዳቱ ባዶ መደርደሪያ ነው። 30 ኪሎ ዛሬ ከደረሰው ሳምንቱን ይሸጣል። ለሱም ከፋፍሎ መላክ ይበልጣል። ዘመዱ ወደ ውጭ ሊበር ጋቢ ያዘዘ ደንበኛ ግን ከፋፍሎ መላክ ምንም አይረባውም። ግማሽ ጋቢ የለም። ለሱ ወይ ከበረራው በፊት፣ ወይ ተመላሽ።

አዲሱን ቀን መቁረጥ

«በቅርቡ»፣ «ሰሞኑን»፣ «እንደምንም» ቀን አይደሉም። «ከሦስት እስከ ሰባት ቀን» የሚለውም ብዙ አይሻልም፤ ደንበኛው ሦስትን ይሰማል፣ ሻጩ ሰባትን ያስባል። አንድ ቀን ተናገሩ። ያ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ቢቀና የሚሆነው ቀን ሳይሆን፣ ትንሽ ነገር ቢበላሽም የማያልፈው ቀን ይሁን።

ለፍኖተ ሰላሟ ነጋዴ እንቁጠርላት። ሐሙስ ጥር 14 ድልዙ ወደ ቡሬ ይሄዳል፣ ሰልፍ ይይዛል። ዓርብ ጥር 15 ይፈጫል። ከወፍጮ የወጣ በርበሬ ትኩስ ነው። እጅ ሲገባበት ይፋጃል። ትኩሱን ፌስታል ውስጥ ካሰሩት ያልባል፣ ላቡ መልሶ በርበሬው ላይ ይወርዳል፣ ሳምንት ሳይሞላ ይጓጉላል፣ ከዚያ ይሻግታል። ስለዚህ ዓርብ ሌሊት ንጹሕ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ማደር አለበት። ጠዋት አንድ እፍኝ ጨብጦ መልቀቅ ነው። ተበትኖ ከወረደ ደርቋል። የጣት ምልክት ይዞ ከቀረ እርጥበት አለው፣ ፀሐይ ይፈልጋል። ይህ ሌሊት የሚቆረጥ ሌሊት አይደለም። «ደንበኛዋ ቸኩላለች» ብሎ ትኩሱን መላክ ሁለተኛ ይቅርታ ያስጠይቃል።

ቅዳሜ ጥር 16 ይታሸጋል፣ ይጫናል። ያኑ ቀን አዲስ አበባ ይገባል። እሁድ ጥር 17 ቤቷ ይሆናል። ይህ ሁሉ ቢቀና ነው። ቡሬ ላይ መብራት ቢጠፋ አንድ ቀን ይሄዳል። መንገድ ቢዘጋ ሌላ ቀን። ስለዚህ ለደንበኛዋ የሚነገረው ቀን ማክሰኞ ጥር 19 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ከሐሙስ ጥር 21 ሁለት ቀን ይቀድማል። እሁድ ከደረሰ ደስ ይበላት፤ እሁድ ብሎ ማክሰኞ ከሚያደርስ ማክሰኞ ብሎ እሁድ ያደረሰ ይሻላል።

ከዚህ ቀን ጋር አንድ ሌላ ቀን ይሄዳል፤ የመቁረጫው ቀን። እሁድ ጥር 17 ማታ 12 ሰዓት ድረስ 12ቱ ኪሎ ተዘጋጅቶ የሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ቦታ ካልተያዘለት፣ ነጋዴዋ ራሷ ደውላ «ይግዙ» ትላለች። ደንበኛዋ ሰኞ ጠዋት መርካቶ ናት። ረቡዕ ከመደወል ዓርብ ብትደውል ኖሮ ይህ ሁሉ ስሌት ይጠባል፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ቀናት ብር ይሆናሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ቸኩሎ የሚገዛ ሰው በጠየቁት ዋጋ ነው የሚገዛው።

ደንበኛው ውጭ አገር ካለ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ሰዓቱንም «ከሰዓት በኋላ» ብላችሁ ግለጹ። የኛ 10 ሰዓት ለሱ 10 ሰዓት አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

በአጭሩ ላንሳው፤ ምክንያቱም ማካካሻው ምን ያህል ይሁን ሲባል መነሻ ይሆናል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ ያስቀመጠው ነገር አለ። ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የተቀበላችሁት ብር ቀብድ ነው ወይስ የዋጋው ከፊል ክፍያ የሚለውን ከመጀመሪያው ግልጽ አድርጉ።

«ከአቅሜ በላይ ነው» ማለትም አለ። ሕጉ ከአቅም በላይ የሚለው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል፣ ግዴታውን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገርን ነው። በድንገት የተዘጋ መንገድ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ግን፣ ቡሬ ላይ ሌላ ወፍጮ እያለ፣ ከአቅም በላይ ነው ለማለት ይከብዳል። ለይቅርታው ደብዳቤም ይህ ልዩነት ይጠቅማል። መንገድ ከተዘጋ «መንገዱ ተዘግቷል» በሉ። ሞተር ከተቃጠለ ኃላፊነቱን ውሰዱ።

ስልክ፣ ከዚያ ጽሑፍ

መጀመሪያ ይደወል። በጎጃም ወግ ይቅርታ በጽሑፍ ብቻ ሲመጣ የመሸሽ ያህል ነው፤ በተለይ በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው። በስልክ የተባለው ግን ይረሳል፣ ቀኑም ይምታታል። ስለዚህ ከስልኩ በኋላ ያንኑ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ ነው። ቴሌግራም ዳታ ይፈልጋል፤ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ሰሞን ተራው ኤስኤምኤስ ይታመናል።

ብዙ ጊዜ የሚላከው እንዲህ ያለ ነው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ በአንዳንድ ምክንያቶች ትእዛዝዎ ስለዘገየ ይቅርታ እንጠይቃለን። በቅርቡ እናደርሳለን። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።» ምክንያቱ የለም፣ ቀኑ የለም፣ ማካካሻው የለም። ሰውዬው ገና ያልታገሠውን ትዕግሥት ደግሞ አስቀድሞ ያመሰግናል።

ነጋዴዋ እንዲህ ብትጽፍስ?

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በስልክ እንደነገርኩዎት ዓርብ ጥር 15 ይደርሳል ያልኩት በርበሬ በሙሉ አይደርስም። የምናስፈጭበት ወፍጮ ሞተሩ ተቃጥሏል። በዓሉን ቆጥሬ ቀደም ብዬ ማስፈጨት ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገ ሐሙስ 10 ኪሎ ሽሮና 8 ኪሎ በርበሬ እጭናለሁ። ስምንቱ ኪሎ የባለፈው ወር ፍጭት ነው። ቀሪው 12 ኪሎ ማክሰኞ ጥር 19 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ቤትዎ ይደርሳል። የሁለቱንም ጊዜ ጭነትና ከመናኸሪያ እስከ ቤትዎ ያለውን የታክሲ ሂሳብ እኔ እችላለሁ። ቀሪ ሂሳቡን ሁሉም ሳይደርስዎ አልቀበልም። እሁድ ጥር 17 ማታ 12 ሰዓት ድረስ ለጭነት ካላዘጋጀሁት ራሴ ደውዬ እነግርዎታለሁ። ያኔ 12ቱን ኪሎ ከፈለጉበት ይግዙ፤ የዋጋውን ልዩነት እስከ 2,000 ብር ድረስ ያኑ ቀን በቴሌብር እልክልዎታለሁ። ይህ ካልተስማማዎትና አሁኑኑ ብሬ ይመለስ ካሉም ዛሬውኑ እመልሳለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዉአት። ምርጫው የደንበኛዋ እንጂ የነጋዴዋ አይደለም። አብዛኛው ሰው ብሬን መልሺ አይልም፤ ግን ሊል እንደሚችል ሲያውቅ ድምፁ ይለሰልሳል። ደግሞ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልቋል። ወፍጮው፣ ባለሙያው፣ መብራት ኃይሉ፣ በዓሉ እያሉ ታሪክ መዘርዘር ይቅርታውን ወደ ክርክር ይለውጠዋል።

ደንበኛዋ ብትቆጣ ትቆጣ። «እኛም እኮ ተቸግረን ነው» የሚለውን መልስ ዋጡት። «ልክ ነዎት እትዬ» ብሎ ወደ ቀኑ መመለስ ነው።

ሲጫን

ማዳበሪያው ላይ በሁለቱም ጎን የተቀባይዋ ስምና ስልክ በማርከር ይጻፍ፤ አንዱ ጎን ሲፋቅ ሌላው ይቀራል። በርበሬ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ውስጡ ወፍራም ፌስታል ይደረግበት፣ አለበለዚያ ረዳቱ ከሌላ ሰው ልብስ ጋር አልጭንም ይላል። የአውቶቡሱን ሰሌዳ ቁጥርና የረዳቱን ስልክ ጽፋችሁ ወዲያው ለደንበኛዋ ላኩ። ረዳቱን የተቀባይዋን ቁጥር በፊታችሁ እንዲደውል አድርጉት፤ ስህተት ካለ እዚያው ይታወቃል። ማክሰኞ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ አውቶቡሱ ደጀን ሲደርስ ለረዳቱ ደውሉ። ከዚያ በኋላ በረሃው ውስጥ ስልክ አልነሳም ቢል ደንግጣችሁ ደንበኛዋን አታስደንግጡ፤ ጎሐ ጽዮን ሲወጣ ይነሳል።

ልዩነቱን መክፈል ግድ ከሆነ ደግሞ ደንበኛዋ ደረሰኝ እስክታመጣ አታስጠብቋት። መርካቶ የበርበሬ ተራ ደረሰኝ ላይሰጥ ይችላል። «በስንት ገዙት?» ብላችሁ የነገረችውን ዋጋ ተቀበሉና ላኩ፤ ወሰኑን አስቀድማችሁ ያበጃችሁት ለዚህም ነው። የቴሌብሩን የግብይት ቁጥር በመልእክቱ ላይ ጨምሩበት። የቀረው 12 ኪሎ እጃችሁ ላይ ነው፤ ደርቆ ከታሸገ እስከ ፋሲካ ገበያ ይቆያል።